ሁሉም ገጸ ባሕርያት በአንድ አፍ ሲያወሩብኝ

የልብ ወለዴ ታሪክ የሚካሄደው ሐዋሳ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡት እማማ ዘነቡ፣ ባጃጅ የሚነዳው ልጃቸው ሚኪና አስተማሪው ተከራያቸው ሲያወሩ ግን አንድ ሰው ይመስላሉ። «አለ» እና «አሉ» የሚሉትን አጥፍቼ ለጓደኛዬ አስነበብኳት። ከ20 ንግግር የ7ቱን ባለቤት ብቻ ለየች።

መጀመሪያ ለሚኪ «አቦ»፣ ለእማማ መሐላ ጨመርኩ። አልሠራም። ቃሉ የተለጠፈ መሆኑ ያስታውቃል፤ ዓረፍተ ነገሩ ያው የእኔው ነው።

ከዚያ የእያንዳንዳቸውን ንግግር ብቻ ቆርጬ በየራሱ ፋይል አስቀመጥኩና ጮክ ብዬ አነበብኩ። ያኔ ገባኝ። ሁሉም የተጠየቁትን ወዲያው፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይመልሳሉ። ሚኪ እንኳ «ለምን አመሸህ?» ሲባል «ጎማ ስለተነፈሰብኝ ነው የዘገየሁት» ይል ነበር።

ስለዚህ ቃላቱን ትቼ አመላለሳቸውን ለየሁ። ሚኪ ጥያቄ ይሸሻል። እማማ በጥያቄ ይመልሳሉ። አስተማሪው ሳይጠየቅ ያብራራል።

«ለምን አመሸህ?»
«እራት አለ?»
«ጎማ ተነፈሰ ልትለኝ ነው?»
«እማማ፣ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም። የግድግዳው ሰዓት አምስት ደቂቃ ይቀድማል።»

እማማ ሁልጊዜ ሲጠይቁ ግን ያሰለቻሉ። የዕዳው ነገር ሲነሳ ብቻ «አዎ፣ ተበድሬያለሁ» አስባልኳቸው። ያ ቦታ ከሁሉም ጠነከረ።

ረቂቁን ላላየ ሌላ ሰው ሰጠሁት። 17ቱን አወቀ። የቀሩት ሦስቱ «እሺ» እና «ደህና እደሩ» ስለሆኑ አልነካኋቸውም።