ማዕዘኑ ቀጥ ያላለ ቦታን በሜትር ብቻ እንዴት እንለካለን?

አራት ጎን ያለው ግን የተዛነፈ ቦታ ሲለካ ብዙ ሰው አንድ አቋራጭ ይጠቀማል። ትይዩ የሚመስሉትን ሁለት ጎኖች ደምሮ ለሁለት ያካፍላል፣ የቀሩትንም ሁለቱን እንደዚያው ያደርግና ሁለቱን ውጤቶች ያባዛል። ይህ ስሌት ትክክል የሚሆነው አራቱም ማዕዘኖች 90 ዲግሪ ሲሆኑ ብቻ ነው። በሌላ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ስፋቱን ያበዛል። አንድም ጊዜ አያሳንስም። ሻጭና ገዢ በዚህ ስሌት ከተስማሙ፣ የሌለ መሬት ገንዘብ ይከፈልበታል ማለት ነው።

መፍትሔው ቦታውን በሰያፍ ለሁለት ሦስት ማዕዘን መክፈል ነው። ከዚያ የኮሳይንና የሳይን ሕግ የቀረውን ይሠራሉ። የሚያስፈልገው ረጅም የብረት ሜትር፣ ችካሎችና ሳይን ያለው ካልኩሌተር ነው። ገመድ አልመክርም። ሲወጠር ይለጠጣል፣ ሲረጥብ ደግሞ ርዝመቱ ይለወጣል።

1. ማዕዘኖቹን ሰይሙና የሚደረስበትን ለኩ። ዙሪያውን እየሄዳችሁ ማዕዘኖቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ በሏቸው። በምሳሌያችን መ ከጥልቅ ቦይ ማዶ ነው። ይታያል፣ ግን ሜትር ይዞ መድረስ አይቻልም። የተለኩት ሀለ 40 ሜትር፣ ለሐ 30 ሜትር፣ ሰያፉ ሀሐ ደግሞ 60 ሜትር ናቸው። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ሜትሩን አግድም ወጥራችሁ፣ በአጭር በአጭሩ ለኩ። በ10 ዲግሪ ተዳፋት ላይ ተንጋዶ የተለካ 60 ሜትር በአግድም 59.09 ሜትር ብቻ ነው።

2. ሦስቱም ጎኖች የታወቁበትን በኮሳይን ፍቱ። መጀመሪያ ካልኩሌተሩ በዲግሪ መሆኑን አረጋግጡ። የ30 ሳይን 0.5 ካልሰጠ ማስተካከያው ሌላ ላይ ነው። ከዚያ፦

```
cos(ለ) = (40² + 30² − 60²) ÷ (2 × 40 × 30) = −0.4583
ለ = 117.28°
ስፋት = ½ × 40 × 30 × sin(117.28°) = 533.3
```

የኮሳይኑ ውጤት ኔጌቲቭ ሲሆን አንግሉ ከ90 ዲግሪ ይበልጣል ማለት ነው። ስህተት መስሏችሁ ምልክቱን እንዳታጠፉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ እንቆይ። የሳይን ሕግ አጭር ስለሆነ ይወደዳል። አንዱን አንግል በኮሳይን ካገኙ በኋላ ቀሪዎቹን በሳይን መጨረስ ቀላል ይመስላል። እስቲ በዚሁ ሦስት ማዕዘን እንሞክረው። በሀ በኩል ያለው አንግል በኮሳይን ሲሰላ 26.38 ዲግሪ ነው። አሁን የለን አንግል በሳይን ሕግ እንፈልግ፦

```
sin(ለ) = 60 × sin(26.38°) ÷ 30 = 0.8888
```

ካልኩሌተሩ ይህን ወደ አንግል ሲመልሰው 62.72 ይላል። ትክክለኛው ግን 117.28 ነው። ካልኩሌተሩ አልተበላሸም። የ62.72 ሳይንና የ117.28 ሳይን እኩል ናቸው፤ ሁለቱ አንግሎች ሲደመሩ 180 ይሆናሉ። መሣሪያው ሁልጊዜ ትንሹን ይመርጣል። መሬቱ የትኛው እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

አስቸጋሪው ነገር ስህተቱ ወዲያው አይታይም። ስፋቱን በለ አንግል ካሰላችሁ የሁለቱ ሳይን እኩል ስለሆነ ያው 533.3 ይመጣል። ግን ሦስተኛውን አንግል ለማግኘት ከ180 ላይ ስትቀንሱ የሐ አንግል 90.9 ዲግሪ ይወጣላችኋል፤ እውነተኛው 36.34 ነው። በዚያ አንግል ስፋቱን ብታሰሉት 900 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። በአንድ ጊዜ 367 ካሬ ተጨመረ ማለት ነው።

ስህተቱን ለመያዝ አንድ ነገር ብቻ ተመልከቱ፦ ትልቁ አንግል ከረጅሙ ጎን ፊት ለፊት መሆን አለበት። እዚህ 60 ሜትሩ ፊት ለፊት 62.72፣ 40 ሜትሩ ፊት ለፊት 90.9 ተቀምጧል። ይህ ሊሆን አይችልም። ከዚህ ሁሉ ለመዳን ሁልጊዜ ከረጅሙ ጎን ፊት ለፊት ያለውን አንግል በኮሳይን አስቀድሙ። የቀሩት ሁለቱ የግድ ከ90 በታች ስለሚሆኑ ከዚያ በኋላ ሳይን አያሳስታችሁም።

3. ለማይደረስበት ማዕዘን ሁለት አንግል ለኩ። እዚህ ላይ የሳይን ሕግ ቦታውን ያገኛል። ሁለት አንግልና አንድ ጎን ሲታወቅ ሦስተኛው አንግል ከ180 ተቀንሶ ስለሚገኝ የሁለት መልስ ጣጣ የለም።

አንግል ለመለካት የስልክ ኮምፓስ አትመኑ። አጠገቡ ያለ ብረት ያዛባዋል። በሜትር የሚሠራው ዘዴ ይሻላል። ከሀ ወደ ሐ አቅጣጫ 10 ሜትር ላይ ችካል ትከሉ፤ ከሀ ወደ መ አቅጣጫም እንዲሁ። ሁለተኛው ችካል ከሀና ከመ ጋር በአንድ መስመር መሆኑን በዓይን አስተካክሉ። ከዚያ በሁለቱ ችካሎች መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። በምሳሌያችን 8.135 ሜትር ሆነ። ያው የኮሳይን ሕግ ነው፦

```
cos(ሀ) = (10² + 10² − 8.135²) ÷ 200
ሀ = 48°
```

በሐ በኩል ተመሳሳይ ስታደርጉ ርቀቱ 10.30 ሜትር፣ አንግሉ 62 ዲግሪ ይሆናል። ችካሎቹን 5 ሜትር ላይ ብትተክሉ የአንድ ሴንቲ ሜትር ስህተት በአንግሉ ላይ እጥፍ ጉዳት ያመጣል፤ ስለዚህ ቦታ ካለ 10 ሜትሩን አትቀንሱ።

የመ አንግል 180 − 48 − 62 = 70 ዲግሪ ነው። ቀጥሎ፦

```
60 ÷ sin(70°) = 63.85
ሀመ = 63.85 × sin(62°) = 56.38
ሐመ = 63.85 × sin(48°) = 47.45
ስፋት = ½ × 60 × 56.38 × sin(48°) = 1256.9
```

እያንዳንዱ ጎን የሚባዛው ፊት ለፊቱ ባለው አንግል ሳይን ነው፣ አጠገቡ ባለው አይደለም። የመ አንግል በጣም ጠባብ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከ20 ዲግሪ በታች፣ ውጤቱን አትመኑት። በሀ ወይም በሐ የተፈጠረች ትንሽ የአንግል ስህተት ሩቁን ማዕዘን በብዙ ታንቀሳቅሰዋለች። እንዲህ ሲሆን የምትለኩበትን መነሻ መስመር አስረዝሙ።

4. ደምሩ። 533.3 ሲደመር 1256.9፣ 1790 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በአቋራጩ ስሌት ይኸው ቦታ 1888 ካሬ ይሆን ነበር። ወደ 98 ካሬ ሜትር የሚሆነው መሬት የለም።

5. ባልተጠቀማችሁበት አንግል አረጋግጡ። በለ ላይ ቆማችሁ በሀ እና በመ መካከል ያለውን አንግል በችካል ለኩ። ስሌቱ ምን መሆን እንዳለበት ይነግራችኋል። በሀ ላይ ያለው ሙሉ አንግል 26.38 + 48 = 74.38 ነው። ከ40፣ ከ56.38 እና ከዚህ አንግል በኮሳይን ሕግ ለመ 59.70 ሜትር ይወጣል። ከሦስቱ ጎኖች ደግሞ በለ ላይ በሀ እና በመ መካከል ያለው አንግል 65.4 ዲግሪ ይሆናል። በ10 ሜትር ችካሎች መካከል 10.81 ሜትር ማግኘት አለባችሁ። የሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ልዩነት የአለካክ ነው። ከ10 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ግን መጀመሪያ የሀንና የሐን ችካሎች መስመር፣ ቀጥሎ የሰያፉን 60 ሜትር እንደገና ለኩ።