ለውጭ ነዋሪዎች የአፓርታማ ማስታወቂያ ስትጽፉ

ጅማ ውስጥ ያለ አፓርታማ ለውጭ ነዋሪ ስትሸጡ «ውብ እይታ፣ ምርጥ ሰፈር» የሚለው ገዢውን አያንቀሳቅሰውም። ገንዘቡን የሚልከው እሱ ቢሆንም ቤቱን ሄዶ የሚያየው ወንድሙ ወይም አክስቱ ናቸው። ስለዚህ ማስታወቂያውን ዘመድ ሜትር ይዞ ሄዶ ሊያረጋግጠው በሚችል መልኩ ጻፉት።

ለምሳሌ «ባለ 2 መኝታ፣ 110 ካሬ» በማለት ፈንታ እንዲህ በሉ፦ «ፈረንጅ አራዳ፣ 3ኛ ፎቅ። ከበር ወደ ውስጥ 88 ካሬ ሜትር፣ 22ቱ የደረጃና የኮሪደር ድርሻ። ልስን አልቋል፣ ሊፍት ገና አልተገጠመም። ቅዳሜ ጠዋት ዘመድዎን ይላኩ፤ ካርታውንና የግንባታ ፈቃዱን እናሳያለን።»

ብዙ ጊዜ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከካሬው ነው። ገዢው 110 ካሬ የገዛ መስሎት ወንድሙ ሲለካው 88 ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ እውነት ብትናገሩም የሚያምናችሁ የለም። ቀድሞ የተጻፈ ጉድለት ግን የቀረው ሁሉ እንዲታመን ያደርጋል። የሊፍቱን ነገር ያስገባሁት ለዚህ ነው፤ አለቃችሁ ቢያጉረመርም ችላ በሉት።

ውክልናንም በአንድ መስመር ጥቀሱ፦ ውጭ አገር የሚሰጥ ውክልና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ከተረጋገጠ በኋላ እዚህም መረጋገጥና መመዝገብ አለበት። ይህ ጊዜ ስለሚወስድ «በሦስት ቀን ይፈርሙ» የሚል ማጣደፊያ አትጻፉ።

ካርታው በባንክ ዕዳ ከተያዘ ወይም ሕንጻው ገና መሠረት ላይ ካለ ይህን አጻጻፍ አትጠቀሙ፤ ዘመድ ሄዶ የሚያየው ነጻ ካርታ ወይም የቆመ ቤት የለም።