ሁለት ጊዜ የተመለሰብኝን የስታቲስቲክስ አንቀጽ እንዴት እንዳስተካከልኩት

የጥናቴ የስታቲስቲክስ ትንተና አንቀጽ «ግልጽ አይደለም» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተመለሰብኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት መረጃው ኤስፒኤስኤስ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር መተንተኑንና ፒ-ቫልዩ ከ0.05 በታች መሆን እንዳለበት ብቻ ነበር። በሁለተኛው ዙር የፈተናዎችን ስም ብደረድርም፣ የትኛው ለየትኛው ጥያቄ እንደዋለ ስላልገለጽኩ አስተያየቱ ያው ሆነ።

መፍትሔው የተገኘው የሁለቱን ቡድን ሕሙማን የተኝቶ መታከሚያ ቀናት የመረጃውን መካከለኛ ግማሽ በሣጥን በሚያሳየው ቦክስፕሎት ዳግም ሳይ ነው። ሦስት እሴቶች፣ 38፣ 41 እና 210፣ በኮከብ ምልክት ወጡ፤ ኤስፒኤስኤስ ኮከብ የሚያደርገው ከሣጥኑ ጠርዝ ከሣጥኑ ርዝመት 3 እጥፍ በላይ ለራቀ እሴት ነው። ከሕክምና ካርዶቹ ጋር ሳመሳክር 210 የተባለው 21 ሆኖ ዜሮ በስህተት የተጨመረበት ነበር፤ ሁለቱ ግን እውነተኛ ስለነበሩ ላወጣቸው አልደፈርኩም። ከዚያ እንዲህ ጻፍኩ፦

«ትንተናው በኤስፒኤስኤስ ስሪት 26 ተካሂዷል። የመታከሚያ ቀናት ስርጭት ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ በመሆኑ በሚዲያን ተገልጿል፤ ሁለቱ ቡድኖችም በማን-ዊትኒ ፈተና ተነጻጽረዋል። ከሣጥኑ ጠርዝ ከርዝመቱ 3 እጥፍ በላይ የራቁ ሦስት እሴቶች ከካርዶች ጋር ተመሳክረው አንድ የምዝገባ ስህተት ታርሟል፤ ሁለቱ በትንተናው ተካተዋል። ፈተናው ባለሁለት አቅጣጫ ሲሆን የጉልህነት ደረጃው 0.05 ነው።»

በሦስተኛው ዙር በአንቀጹ ላይ አስተያየት አልመጣም።