ሥራን ሳይለቁ የንግድ ሐሳብን በጥቂት ብር እንዴት መፈተን ይቻላል

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ እናስብ። ቅዳሜ ቤቷ የምትቆላውን የገብስ፣ የሽምብራና የሱፍ ቆሎ ሰኞ ወደ ቢሮ ይዛ ስትሄድ ባልደረቦቿ እየተሻሙ ይበሉታል፤ «ለምን አትሸጪውም?» ይሏታል። እሷም ሥራዋን ለቃ ቆሎ እያሸገች ለቢሮዎች ማቅረብን ማሰብ ጀምራለች። የባልደረቦቿ ምክር ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በነጻ የሚበላ ቆሎና በ50 ብር የሚገዛ ቆሎ አንድ አይደሉም። በዚያ ላይ በእኛ አገር ፊት ለፊት የተጠየቀ ሰው «አልገዛም» ለማለት ይቸገራል። ከዚህ በታች ያሉት ሙከራዎች ሁሉ ይሉኝታን ከእውነተኛ ፍላጎት ለመለየት የታሰቡ ናቸው። የምጠቅሳቸው ዋጋዎች ለስሌቱ ማሳያ ብቻ የተወሰዱ ስለሆኑ፣ እርስዎ በአካባቢዎ ገበያ ዋጋ ይተኳቸው።

1. ሐሳቡን ሊወድቅ በሚችል ዓረፍተ ነገር ይጻፉት

«ቆሎ ይሸጣል» የሚለው አባባል አይፈተንም፤ ቆሎ ሁልጊዜም ይሸጣልና። የሚፈተነው እንዲህ ያለው ነው፦ «የማያውቁኝ የቢሮ ሠራተኞች 100 ግራም የታሸገ ቆሎ በ50 ብር ገዝተው፣ ከ4ቱ ቢያንስ 1ዱ በየሳምንቱ መልሶ ይገዛል።» ገዢው፣ መጠኑ፣ ዋጋውና ድግግሞሹ ተለይተው ስለተቀመጡ፣ ውጤቱ ሲመጣ ትክክል መሆኑ ወይም አለመሆኑ አያከራክርም። ይህን ጽሑፍ ቀኑን ጨምረው ከሽያጩ በፊት ያስቀምጡት። ሽያጩ ከተጀመረ በኋላ የሚወጣ መስፈርት ብዙውን ጊዜ ከተገኘው ውጤት ጋር እንዲስማማ ሆኖ ይወጣል።

2. ስለ ምኞት ሳይሆን ስላለፈው ሳምንት ይጠይቁ

በመቀጠል ከ10 እስከ 15 የሚሆኑ፣ በሌላ ሰው በኩል ያገኟቸውን ሠራተኞች ያነጋግሩ። «እንዲህ ያለ ቆሎ ቢመጣልህ ትገዛለህ?» ብለው አይጠይቁ፤ የሚያገኙት መልስ «አዎ፣ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በርቺ» የሚል ነው፤ ይህም ምንም አያስተምርም። ይልቁንም «ባለፈው ሳምንት ረፋድ ላይ ሲርብህ ምን በላህ? ከየት ገዛኸው? ስንት ከፈልክ?» ብለው ይጠይቁ። ሰው ስላደረገው ነገር ሲናገር ይሉኝታ የሚገባበት ቦታ ይጠብበታል። ከ15ቱ 12ቱ ሳምቡሳ ወይም ብስኩት እንደገዙ ከነገሩዎት፣ ቆሎው የሚወዳደረው ከእነዚህ ጋር እንደሆነ ያውቃሉ። አብዛኞቹ ረፋድ ላይ ምንም የማይገዙ ከሆነ ደግሞ፣ የሚሸጡት አዲስ ልማድ ጭምር ይሆናል፤ ይህም እጅግ ከባድ ነው።

3. ከመቁላትዎ በፊት ገንዘቡን ይቀበሉ

ከሙከራዎቹ ሁሉ ርካሹና ብዙ የሚናገረው ይህኛው ይመስለኛል። አንድ ኪሎ ለናሙና ቆልተው ፎቶ ያንሱት፤ ዋጋውን፣ ክብደቱንና የሚደርስበትን ቀን በግልጽ ጽፈው፣ ከእርስዎ ጋር ትውውቅ በሌላቸው ሦስት ቢሮዎች ውስጥ ባሉ ሠራተኞች የቴሌግራም ግሩፕ እንዲለጠፍ ያድርጉ። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ አስቀድሞ እንዲገባ ይጠይቁ፤ ትእዛዙ 40 ፓኬት ካልሞላ ገንዘቡ በማግስቱ ተመላሽ እንደሚሆን ያሳውቁ፣ ካልሞላም በእርግጥ ይመልሱ።

በደብተርዎ ላይ ሦስት ቁጥሮችን ለየብቻ ይመዝግቡ፦ ስንት ሰው ስለ ቆሎው ጠየቀ፣ ስንት ሰው «እወስዳለሁ» አለ፣ ስንት ሰው ከፈለ። ይሉኝታው ያለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቁጥር መካከል ነው። 60 ሰው እወስዳለሁ ብሎ 9 ሰው ከከፈለ፣ ያለዎት ደንበኛ 9 ነው። ባልደረቦችዎንና ዘመዶችዎን በዚህ ቁጥር ውስጥ አያስገቡ፤ በተለይ እርስዎ አለቃ ከሆኑ የበታች ሠራተኞችዎ ግዢ ፈጽሞ እንደ ማስረጃ ሊቆጠር አይገባም።

ዱቤም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። በየቢሮው «ደመወዝ ሲወጣ እሰጥሻለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ እንዲህ ያለው ሰው ፓኬቱን ቢወስድም፣ ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ በሽያጭ ዓምድ ውስጥ አይመዝገብ።

4. አንድ ዙር ይሥሩና የራስዎን ሰዓት ጨምረው ያስሉ

ትእዛዙ ከሞላ በቅዳሜና እሑድ አንድ ዙር ይሥሩ። ለምሳሌ የሒሳብ ሠራተኛዋ 10 ኪሎ ጥሬ እህል በ2,000 ብር ገዛች እንበል። እህል ሲለቀምና ሲቆላ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት የጥሬውን ኪሎ ለ100 ግራም አካፍለው በዚያው ስለሚያስሉ ነው። ስለዚህ ከተቆላ በኋላ እንደገና ትመዝነዋለች። 9 ኪሎ ከወጣላት 90 ፓኬት ይሆናል፤ የእህሉ ወጪም በፓኬት 22 ብር ገደማ ነው። ለከረጢትና ለመለያ ወረቀት 5 ብር፣ ለከሰል ወይም ለመብራት 2 ብር፣ ለትራንስፖርት 5 ብር ቢጨመር ወጪው 34 ብር ይደርሳል። በ50 ብር ስትሸጠው 16 ብር ይተርፋታል።

አሁን ሰዓቱ ይቆጠር። መልቀም፣ መቁላት፣ ማሸግና ማድረስ በድምሩ 12 ሰዓት ቢፈጅባት፣ 90 ፓኬት በ16 ብር 1,440 ብር ስለሚሆን በሰዓት 120 ብር አገኘች ማለት ነው። በእጇ የሚገባው ደመወዝ 18,000 ብር ከሆነና በወር 170 ሰዓት ገደማ ከሠራች፣ ቅጥሩ የሚያስገኝላት በሰዓት 106 ብር ያህል ነው። እዚህ ላይ ሲደርሱ ሥራ ለመልቀቅ መቸኮል ይመጣል፤ ግን ገና ነው። ደመወዟን ለመተካት 18,000ን ለ16 ስናካፍል በወር 1,125 ፓኬት መሸጥ አለባት። አንድ ቋሚ ደንበኛ በሳምንት አንድ ፓኬት ቢገዛ በወር 4 ነው፤ ስለዚህ ወደ 281 ቋሚ ደንበኞች ያስፈልጓታል። መጀመሪያ ከሚሞክሩት 4 ሰዎች 1ዱ ብቻ የሚቀር ከሆነ ደግሞ ከ1,100 በላይ ሰዎች ቆሎዋን መቅመስ ይኖርባቸዋል። የቤት ኪራይ፣ ግብርና የረዳት ደመወዝ ገና አልተነሱም። «ጥሩ ይሸጣል» የሚለው ስሜት ወደ 281 ሰው ሲመነዘር፣ እነዚህ ሰዎች የት እንዳሉና በምን እንደሚደረስባቸው ማሰብ ግድ ይሆናል።

በዚሁ ዙር አምስት ፓኬት ሳይሸጡ አስቀምጠው በየሳምንቱ አንድ አንድ ይክፈቱ። በክረምት እርጥበት የሚያስገባ ከረጢት ቆሎውን ያለሰልሰዋል፤ ደንበኛው ግን ቅሬታውን ሳይናገር በዝምታ መግዛቱን ያቆማል።

5. ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ግዢ ይጠብቁ

የመጀመሪያው ግዢ ከጉጉት ወይም ከይሉኝታ ሊመጣ ይችላል፤ ሦስተኛው ግን ከዚያ ሊመጣ አይችልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን አንድ አጭር ማስታወቂያ ብቻ ይላኩ፤ ለየሰዉ በውስጥ መስመር «አልወሰድክም እኮ» እያሉ አይጎትጉቱ፤ ጉትጎታ ለመለየት የደከሙበትን ይሉኝታ መልሶ ያስገባልና። ማድረሱንም ቢቻል ሌላ ሰው ይሥራው፤ ቆሎውን የሠራችው ሴት ፊት ለፊት ቆማ «እንዴት ነበር?» ስትል ጨው እንደበዛበት የሚነግራት ጥቂት ነው፤ ለአድራሹ ልጅ ግን ይነገረዋል።

የገዙትን ሰዎች በቁጥር ለይተው ማን በስንተኛው ሳምንት እንደተመለሰ ይመዝግቡ። ከመጀመሪያዎቹ 40 ገዢዎች በአራተኛው ሳምንት 10 እና ከዚያ በላይ እየገዙ ከሆነ የጻፉት ዓረፍተ ነገር ቆሟል። 3 ወይም 4 ብቻ ከቀሩ ወድቋል፤ አዳዲስ ገዢዎች መምጣታቸው አያታልልዎ።

የሙከራው ወቅትም ውጤቱን ያዛባል። የወር መጨረሻው ደመወዝ እንደወጣ የሚደረግ የሁለት ሳምንት ሙከራ ኪስ ያልጎደለበትን ጊዜ ብቻ ስለሚያሳይ፣ ሙከራው ቢያንስ አንድ ሙሉ የደመወዝ ወርን ማካተት አለበት። ቆሎ የጾም ምግብ በመሆኑ ደግሞ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ብቻ የተገኘ ቁጥር ከፋሲካ በኋላ ላይደገም ይችላል፤ አጥብቀው የሚጾሙት እስከ ከሰዓት በኋላ ስለማይበሉም የረፋዱ ሽያጭ በተቃራኒው ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከጾም ውጭ ባለ ወር መድገም ይሻላል።

6. ቁጥሩ ከወደቀ አንድ ነገር ብቻ ለውጠው ይድገሙ

ዋጋውን፣ መጠኑንና ጣዕሙን በአንድ ጊዜ ከለወጡ የትኛው እንደሠራ አያውቁም። የሒሳብ ሠራተኛዋ ለምሳሌ በአንዱ ቢሮ 50 ብር፣ ትውውቅ በሌላቸው ሠራተኞች በተሞላ ሌላ ቢሮ ደግሞ ያንኑ ፓኬት 60 ብር ብላ አንድ ወር ልትሸጥ ትችላለች። በ60 ብር ትርፉ ከ16 ወደ 26 ስለሚያድግ፣ ደመወዙን ለመተካት የሚያስፈልገው ሽያጭ በወር ወደ 693 ፓኬት፣ ቋሚ ደንበኛውም ወደ 173 ሰው ይወርዳል። ጥቂት ገዢ ቢቀንስም ከፍ ያለው ዋጋ ሊያዋጣ ይችላል። ሁለት ወይም ሦስት ዙር ተደርጎ ተመላሽ ገዢ ከጠፋ፣ ያጡት የጥቂት ቅዳሜዎች ጉልበትና ጥቂት ሺህ ብር ነው፤ ደመወዝዎ ግን እንዳለ ነው።

7. ከቅጥሩ ጋር ያለውን ጉዳይ አስቀድመው ያጥሩ

የቅጥር ውልዎን አውጥተው ስለ ተደራቢ ሥራ የሚለውን ያንብቡ፤ በሥራ ሰዓት ትእዛዝ አይቀበሉ፣ የመሥሪያ ቤቱን መኪናም ሆነ ማተሚያ አይጠቀሙ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ያለ ፈቃድ መነገድን ስለሚከለክል፣ ከባዕድ ሰው ገንዘብ መቀበል ከመጀመርዎ በፊት ወደ ወረዳዎ የንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደው ምን እንደሚያስፈልግ ይጠይቁ፤ ምግብ በመሆኑ ስለ ጤና ነክ መስፈርቶችም አብረው ይጠይቁ።

በግል ድርጅት የተቀጠረና የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሥራውን ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ የመንግሥት ሠራተኛ በራሱ ሕግ ይመራል። ይህን 30 ቀን በዕቅድዎ ውስጥ ያስገቡት። ማስጠንቀቂያው የሚጻፈው ተመላሽ ገዢዎቹ ከጾም ውጭ ባለ ወርም ጭምር ሲቆጠሩ፣ ፈቃዱ በእጅ ሲገባና ሽያጩ ደመወዙን ወደ መተካት ሲቃረብ ነው፤ በቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚቻለው መጠን ካለቀና ትእዛዝ መመለስ ከጀመሩ፣ የጎደለው ሰዓት እንጂ ገዢ እንዳልሆነ ያኔ በደብተሩ ላይ ይታያል።