በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች የተወሰነ የቅርጫት ኳስ ግማሽ ፍጻሜ ለትምህርት ቤት መጽሔት እንዴት ይዘገባል?

ውጤቱን ሁሉም ሰምቶታል። ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ሚኒ ሚዲያው ተናግሮታል። መጽሔቱ የሚወጣው ግን ከሳምንታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ሴሚስተሩ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ የመጽሔት ዘጋቢ ሥራ ማን እንዳሸነፈ መንገር አይደለም። እንዴት እንዳሸነፈ መንገር ነው።

ይህን ደግሞ ሜዳው ዳር የነበረውም ሰው በደንብ አያውቀውም። መጨረሻ ላይ ሁሉም ቆሞ ይጮህ ነበር። የፊቱ ሰው የኋላውን ከልሎታል። አንዱ «አምስት ሰከንድ ነበር የቀረው» ይላል፣ ሌላው «ኧረ ሁለት ነው» ብሎ ይከራከራል። ጥሩ ዘገባ ይህን ክርክር የሚዘጋ ነው።

አሠራሩን በምሳሌ ላሳያችሁ። ጨዋታው ለማሳያ ያዘጋጀሁት ነው። ደሴ ላይ የአንድ የደሴና የአንድ የኮምቦልቻ ትምህርት ቤት የሴቶች ቡድኖች ለፍጻሜ ለማለፍ ይጫወታሉ። ደሴ 52 ለ 51 ያሸንፋል።

ከጨዋታው በፊት፦ ቦታና ደብተር

ከጠረጴዛ ዳኞቹ ኋላ ወይም ጎን ለመቀመጥ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። የሰዓቱ ጉዳይ እዚያ ነው ያለው። ብዙ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የግድግዳ ሰዓት የለም፤ አንዱ ዳኛ በእጁ በያዘው ሰዓት ነው የሚቆጥረው። ከሩቅ ከተቀመጣችሁ ስንት ሰከንድ እንደቀረ የምትሰሙት ከጩኸት ነው።

ደብተራችሁን በአራት ዓምድ ክፈሉት፦ የቀረው ሰዓት፣ ውጤት፣ የተጫዋች ቁጥር፣ የሆነው ነገር። ስም አትጻፉ፣ በቁጥር ብቻ ሂዱ። ስሙን በኋላ ከቡድኑ ዝርዝር ታመጡታላችሁ።

ሁሉንም ነገር ለመጻፍ ግን አትሞክሩ። በዓለም አቀፉ ሕግ ጨዋታው 10፣ 10 ደቂቃ የሆኑ አራት ሩቦች አሉት። በሦስቱ ሩቦች የሚያስፈልጋችሁ የየሩቡ ውጤትና ዓይናችሁን የሳበ አንድ ሁለት ነገር ነው። አራተኛው ሩብ ላይ ከተጠጋጉ ግን እያንዳንዱን ነጥብና እያንዳንዱን ፋውል ከነሰዓቱ መዝግቡ። ፋውሉን አትናቁት። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይተን እናያለን።

ፊሽካው እንደተነፋ፦ የነጥብ መዝገቡ

ሰው ሁሉ ወደ አሸናፊዎቹ ሲሮጥ እናንተ ወደ ጠረጴዛው ሂዱ። ዳኛው ፈርሞ ከመታጠፉ በፊት የነጥብ መዝገቡን በስልክ ፎቶ አንሱት። በወረቀት በሚሞላው መዝገብ ላይ የሁለቱ ቡድኖች ነጥቦች ከ1 ጀምሮ በዓምድ ተደርድረዋል። ከሜዳ የገባ ኳስ በሰያፍ መስመር ይሰረዛል። ነጻ ውርወራ ከሆነ ቁጥሩ ላይ ጥቁር ነጥብ ይደረጋል። ጎኑ ላይ ያስቆጠረችው ልጅ ቁጥር አለ። ያ ቁጥር ከተከበበ ኳሱ ባለ ሦስት ነጥብ ነው ማለት ነው። በእኛ ምሳሌ በደሴ ዓምድ መጨረሻ 51 እና 52 ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች አሉ፣ ከሁለቱም ጎን 4 ተጽፏል። ጨዋታውን የጨረሰችው ባለ 4 ቁጥሯ ናት፣ በነጻ ውርወራ።

ይህ ወረቀት የማይነግራችሁ ነገርም አለ። ነጥቡ በስንት ሰዓት እንደተቆጠረ አይጻፍበትም። የሁለቱ ቡድኖች ዓምዶችም የየራሳቸው ስለሆኑ፣ በአንድ ሩብ ውስጥ ማን መቼ እንደመራ ከወረቀቱ ብቻ አይታወቅም። «ደሴ ጨዋታውን ሙሉ አልመራም» ብላችሁ ልትጽፉ ከሆነ ማስረጃው የእናንተው ደብተር ነው። ወረቀቱ «ማን»ን ይመልሳል፣ ደብተሩ «መቼ»ን። ሁለቱ ካልተስማሙ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ዳኛ እዚያው ጠይቁት። በማግስቱ ከጠየቃችሁት እሱም ረስቶታል።

የመጨረሻዎቹን 29 ሰከንዶች መገጣጠም

አሁን ደብተራችሁን ከመጨረሻው ወደኋላ አንብቡ። የእኛ ምሳሌ እንዲህ ይላል።

29 ሰከንድ ሲቀር የደሴዋ ባለ 7 ቁጥር ከቅርብ አገባች፤ ኮምቦልቻ 51 ለ 50 ይመራል። በአራተኛው ሩብ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ኳስ ሲገባ ሰዓቱ ይቆማል። ስለዚህ 29ኙ ሰከንድ እንዳለ ለኮምቦልቻ ሆነ። ነገር ግን ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቅርጫቱ መወርወር አለበት። ኮምቦልቻዎች ኳሱን ይዘው ጨዋታውን መጨረስ አልቻሉም፤ ምንም ቢያደርጉ 5 ሰከንድ ገደማ ይተርፋል። ይህን ለአንባቢ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱት፤ አለበለዚያ «ለምን ዝም ብለው አልያዙትም?» እያለ ነው የሚያነበው። በነገራችን ላይ የ24 ሰከንዱን ሰዓት የማይጠቀሙ የትምህርት ቤት ውድድሮች ስላሉ፣ የእናንተ ውድድር ይጠቀም እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ኮምቦልቻዎች 7 ሰከንድ ሲቀር ወረወሩ፣ ኳሱ ብረቱን ነክቶ ተመለሰ። የደሴዋ ባለ 11 ቁጥር ሪባውንዱን ወሰደች፣ ለባለ 4 ቁጥሯ አቀበለች። ባለ 4 ቁጥሯ መሃል ሜዳን እንዳለፈች የኮምቦልቻዋ ባለ 9 ቁጥር እጇን ይዛ አስቆመቻት። ፊሽካ። 2 ሰከንድ ቀርቷል።

ልጅቷ ወደ ቅርጫቱ አልወረወረችም። ታዲያ ሁለት ነጻ ውርወራ ለምን ተሰጣት? ብዙ ዘገባ ይህን ዘሎት ያልፋል። መልሱ መዝገቡ ላይ ነው፦ በዚያ ሩብ ለኮምቦልቻ አምስተኛው የቡድን ፋውል ነበር። አንድ ቡድን በአንድ ሩብ አራት ፋውል ከሞላ፣ ከዚያ በኋላ ኳስ በያዘ ተጋጣሚ ላይ የሚሠራው ፋውል፣ ውርወራ ባይኖርም እንኳ፣ ሁለት ነጻ ውርወራ ያሰጣል። አራት ባይሞላ ኖሮ ደሴ ኳሱን ከጎን መስመር አስገብቶ በ2 ሰከንድ ዕድሉን መሞከር ብቻ ነበር የሚኖረው።

ምክንያቱን ወደኋላ መፈለግ

እዚህ ላይ ነው ዘገባው ከፌስቡክ ፖስት የሚለየው። አራተኛው ፋውል መቼ ተሠራ? ደብተሩን ስታዩ 3 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ሲቀር ነው፣ ኮምቦልቻ 49 ለ 44 እየመራ። ከቅርጫቱ ሩቅ፣ ማንም ባላሰጋበት ቦታ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው 2 ሰከንድ ድረስ ኮምቦልቻዎች አንድም ፋውል አልሠሩም። ደሴ ግን ሦስት ኳስ አገባ፣ ሦስቱንም እየሰነጠቁ እስከ ቅርጫቱ ሥር ገብተው። ተከላካዮቹ ለመንካት ፈርተው ነበር ማለት ነው። የጨዋታው ታሪክ ይሄ ነው፤ የመጨረሻው ውርወራ መዝጊያው ነው።

ይህ ግን ገና የእናንተ ግምት ነው። የኮምቦልቻን አሠልጣኝ ጠይቁ። «ምን ተሰማዎት?» አትበሉ፤ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል። «አራተኛው ፋውል ከሞላ በኋላ ለልጆቹ ምን አሏቸው?» በሉ። «እጃችሁን ሰብስቡ አልኳቸው» ካሉ ግምታችሁ ተረጋገጠ። ካላሉ ደግሞ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፣ ምክንያቱን ተዉት። ባለ 4 ቁጥሯንም ጠይቁ፦ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ውርወራ መካከል ምን ስታደርግ ነበር? እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጨባጭ መልስ ያመጣል።

መጻፍ

ከ350 እስከ 400 ቃል ይበቃል። ውጤቱን አትደብቁ፣ የሚታወቅ ነገር መደበቅ አንባቢን ያሰለቻል። መግቢያው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የደሴ ሴቶች ለፍጻሜ ያለፉት 2 ሰከንድ ሲቀር በተቆጠሩ ሁለት ነጻ ውርወራዎች ነው። ኮምቦልቻን 52 ለ 51 ረቱ። ከዚያ በፊት በጨዋታው ሙሉ አንድም ጊዜ አልመሩም ነበር።»

ቀጥላችሁ ሦስቱን ሩቦች በአጭሩ እለፏቸው። 14 ለ 12፣ 27 ለ 23፣ 39 ለ 33፣ ሁሉንም ኮምቦልቻ እየመራ። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር አይበዛባቸውም። ከዚያ ወደ አራተኛው ፋውል ሂዱ፣ ቀስ በሉ። የመጨረሻዎቹ 29 ሰከንዶች የዘገባውን ግማሽ ቢወስዱ አይገርምም። እዚያ ላይ ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሩ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ድርጊት ይበቃል።

«እልህ አስጨራሽ»፣ «ልብ አንጠልጣይ»፣ «ትንቅንቅ» የሚሉትን አውጧቸው። ስንት ሰከንድ እንደቀረና ስንት ለስንት እንደሆነ ከጻፋችሁ አንባቢው ልቡ ራሱ ይንጠለጠላል። የአየሩን ነገርም ጨዋታውን ከነካ ብቻ አስገቡት። ደሴ ላይ ከሰዓት በኋላ ጉም ወርዶ ሲሚንቶው አድጦ ከሆነ ይጻፍ። የኮምቦልቻ ልጆች የሐረጎን ዳገት ወጥተው ብርድ ውስጥ መጫወታቸውም እንደዚያው፤ አሠልጣኛቸው ካነሱት ቦታ አለው፣ ለማሳመር ብቻ ከሆነ ግን አያስፈልግም።

ስለ ባለ 9 ቁጥሯ

ፋውሉን የሠራችው ልጅ ተማሪ ናት። መጽሔቱ ኮምቦልቻም ሊደርስ ይችላል። ፋውሉን መደበቅ አይቻልም፣ ጨዋታው የተወሰነው በእሱ ነው። ግን «ቡድኗን አስበላች» የሚል ቃል አይጻፍም። አምስተኛው እንዲቆጠር ከእሱ በፊት አራት መሠራት ነበረባቸው፣ አራቱም የእሷ አይደሉም። በቁጥሯ ብቻ ጥቀሷት። ደግሞም እውነቱ ይጻፍ፦ ባለ 9 ቁጥሯ ስታስቆማት ባለ 4 ቁጥሯ ወደ ቅርጫቱ እየገሠገሠች ነበር። ይህን በደብተራችሁ ካላያችሁት ግን አትጨምሩት።

ከመታተሙ በፊት

የሩቦቹን ውጤት ደምሩ። የደሴ 12፣ 11፣ 10 እና 19 ድምር 52 ይመጣል፤ የኮምቦልቻ 14፣ 13፣ 12 እና 12 ደግሞ 51። አንዱ ካልገጠመ ስህተት አለ ማለት ነው፣ መዝገቡን እንደገና እዩ። ስሞቹን ለሁለቱም አምበሎች አሳዩ፤ የስም ፊደል ስህተት ተማሪን ያስከፋል። ርዕሱን መጨረሻ ላይ ስጡ። እኔ ብሆን «አምስተኛው ፋውል» እለው ነበር፤ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «ደሴ 52፣ ኮምቦልቻ 51» ብዬ።