ቻርጅ ላይ ሲሰካ ስክሪኑ የሚያብድ ስልክ

ምልክቱ ሁሌም አንድ ነው። ስልኩ ቻርጅ ላይ እያለ ስክሪኑ ያልነካችሁትን ይከፍታል፣ ስትጽፉ ፊደል ይዘላል፤ ሲነቀል ደህና ነው። ሰው ሁሉ ግን «ስክሪን ቀይርልኝ» እያለ ይመጣል። በቅርቡ አንድ ልጅ ሌላ ቦታ ስክሪን አስቀይሮ ችግሩ ሳይለቀው ወደ እኔ መጣ። ስልኩን በፓወር ባንክ ሞከርኩት፤ ጸጥ አለ። በራሱ ቻርጀር ስሰካው አበደ። የስክሪኑ ብር አለቀ፣ ቻርጀሩ ግን እዚያው ነበር።

መንስኤው ፌክ ቻርጀር ነው። 220 ቮልቱን ወደ 5 ሲያወርድ የሚፈጠረውን ረብሻ የሚያጣሩ ዕቃዎች ተቀንሰውበታል፤ ረብሻው በገመዱ አልፎ የስክሪኑን ንክኪ ያሳስተዋል። ይሄ እንኳ ቀላሉ ጉዳት ነው። የልጁን ቻርጀር ከፈትኩት። (እናንተ አትክፈቱ፤ ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ያለው ካፓሲተር 300 ቮልት አካባቢ ይዞ ሊቆይ ይችላል።) ፊውዝ የለውም፣ በቦታው ሽቦ ተበይዷል። ከሶኬት የመጣውንና ወደ ስልክ የሚሄደውን መስመር የሚለየው ክፍተት በደህና ቻርጀር 6 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ እዚህ 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ትንሽ እርጥበት ከገባ ወይም መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይል ከበዛ 220ው ወደ ስልኩ አካል ይሻገራል። ያኔ ስልኩን የያዘ፣ ባለገመድ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያደረገ ሰው አለ። በቴስተር ለክታችሁ «5 ቮልት ነው፣ ደህና ነው» እንዳትሉኝ፤ ይሄኛውም እስኪበላሽ ድረስ 5 ነው የሚያሳየው።

በ2016 ዩኤል የተባለው የአሜሪካ መርማሪ ድርጅት 400 የአፕል ፌክ ቻርጀሮችን ሲፈትን የኢንሱሌሽኑን ፈተና ያለፉት 3 ብቻ ነበሩ።

ሳይከፈት የሚለየው በእጅ ነው። ከኦሪጅናሉ ጋር ግራና ቀኝ ስትይዙት ፌኩ ባዶ ቆርቆሮ ይመስላል። እግሮቹ ይወዛወዛሉ፤ ጽሑፉ በጣት ሲፈተግ ይለቃል ወይም ፊደል ይጎድለዋል፤ የፕላስቲኩ መገጣጠሚያ ጥፍር ያስገባል። ማሸጊያውን ተዉት፣ ማሸጊያ ከዕቃው በተሻለ ነው የሚያስመስሉት።

መንዘርን በተመለከተ፦ ባለሁለት እግር ኦሪጅናል ቻርጀርም በብረት አካል ስልክ ላይ ቀለል ያለ ንዝረት ይሰጣል፣ አትደንግጡ። የሚወጋ ከሆነ ግን ስልኩን ሳትነኩ ማከፋፈያውን አጥፉ።

የፕላስቲክ ሽታ ካለ፣ ወዲያው ከሶኬት። ዘገምተኛ ቻርጅ ከሆነ መጀመሪያ ገመዱን ቀይሩ።

መፍትሄው መጠገን አይደለም፤ የሌለ ክፍተት በብየዳ አይሰፋም። እግሮቹን በፒንሳ ቆርጣችሁ ጣሉት። ያ ልጅ «ለእናቴ ስልክ ይሁን» ብሎ መልስልኝ ሲለኝ እግሮቹን የቆረጥኩት ፊቱ ነው።