ልጆቹ ሳይሆኑ ሰዓቱ ነበር የጠፋው

ከጅማ ሆኜ ዋሽንግተን ላሉ ልጆች ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ አማርኛ በዙም አስተምራለሁ። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ሁለት ቅዳሜ ማንም አልገባም። ወላጆቹ ግን «ገብተን አጣንህ» አሉኝ።

በቴሌግራም «ነገ 11 ሰዓት» ብዬ አስታወስኩ። ባሰ። አንዷ እናት በፈረንጅ ሰዓት ተረዳችው።

ለካ እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ መልሰዋል፣ እኛ አንቀይርም። የእነሱ ጠዋት 4 ሰዓት በበጋቸው ለእኔ 11፣ በክረምታቸው 12 ነው።

ጉግል ካሌንደር ላይ Time zone የሚለውን Eastern Time አድርጌ ለወላጆቹ ግብዣ ላክሁ። አሁን የምቀያየረው እኔ ነኝ፤ ለልጅ ቋሚ ሰዓት ይሻላል።

ክፍያውንም በየትምህርቱ መቀበል ትቼ የአራት ትምህርት በቅድሚያ አደረግሁት። ከአንድ ቀን በፊት ከነገሩኝ እተካለሁ፤ የእኔ ኔትወርክ ከጠፋ ሳይቆጠር ይተላለፋል።